«ፒክ አፕ ኢት» የማይባለው ለምንድን ነው?



እኛ ሮቤ ውስጥ ክረምት በመጣ ቁጥር የእንግሊዝኛ ማጠናከሪያ የምናስጠና ጥቂት ጓደኛሞች ነን። ተማሪዎቻችን ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉ የከተማችን ልጆች ናቸው፤ 14 ኪሎ ሜትር ያህል በሚኒባስ ተጉዘው ከጎባ የሚመጡም አሉ። በየዓመቱ ተማሪው ይቀየራል፣ አንድ ስህተት ግን አይቀየርም። የአንዱ ስልክ ክፍል ውስጥ ሲጮኽ ከኋላ ያለው ጓደኛው እየሳቀ «ፒክ አፕ ኢት!» ይለዋል። «አንሳው» ማለቱ ነው። እንግሊዝኛ ግን «ፒክ ኢት አፕ» ነው የሚለው። ልጁ የተጠቀማቸው ሦስቱም ቃላት ትክክል ናቸው፣ ትርጉማቸውንም ያውቃል። የተሳሳተው «ኢት» የተቀመጠችበት ወንበር ብቻ ነው።

«ታዲያ ምን አለበት፣ ሰውየው እንደሆነ ይገባዋል» የሚል ተማሪ ሁልጊዜ አይጠፋም። በ«ፒክ አፕ ኢት» ከሄድን እውነቱን ነው፤ ሰሚው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል እንጂ አይሳሳትም። ሁሉም ግን እንደዚህ አይደለም። የዲንሾን ነገር እንንገራችሁ።

ዲንሾ ከሮቤ ወደ ሻሸመኔ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዋና ጽሕፈት ቤት እዚያ ነው። ቱሪስቶች ከዚያ ተነስተው ፈረስ ይዘው ወደ ተራራው ይወጣሉ። ፈረስ ከሚጎትቱት ወጣቶች አንዱ የክረምት ተማሪያችን ነበር። አንድ ቀን ደጋው ላይ ንፋሱ ሲበረታ አብራው የምትሄደው ፈረንጅ ጃኬቷን በእጇ ይዛ አያት። በርዷታል ብሎ አዘነላትና «ፑት ኦን ኢት!» አላት። «ልበሺው» ማለቱ ነበር። ሴትዮዋ ጃኬቱን አየችው፣ ፈረሱን አየችው፣ ከዚያ ጃኬቱን አጣጥፋ ኮርቻው ላይ አስቀመጠችና መንገዷን ቀጠለች። እሱም ፈረንጅ ብርድ አይሰማውም ብሎ ዝም አለ። ቆይታ መንቀጥቀጥ ስትጀምር ነው በምልክት ልበሺ ያላት።

ሴትዮዋ የሰማችውን ነው ያደረገችው። «ፑት ኢት ኦን» ማለት «ልበሺው» ነው። «ፑት ኦን ኢት» ግን ለእንግሊዝኛ ጆሮ «እሱ ላይ አድርጊው» ወደሚለው ይጠጋል። «እሱ» ማነው? አጠገቧ ያለው ፈረስ ነዋ! «ኢት» አንድ ቃል ስለዘለለች «ኦን» የምትባለው ትንሽ ቃል ሥራዋን ለወጠች።

ጉዳዩ ያለው እዚህ ላይ ነው። እንግሊዝኛ ውስጥ «አፕ»፣ «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «ኢን»፣ «ዳውን» የመሳሰሉት ትንንሽ ቃላት ሁለት ኑሮ አላቸው። አንዳንዴ የግሱ ግማሽ አካል ናቸው፤ «ፒክ» እና «አፕ» ተጋብተው አንድ «ማንሳት» ይሆናሉ፣ «ፑት» እና «ኦን» ተጋብተው አንድ «መልበስ» ይሆናሉ። አንዳንዴ ደግሞ መስተዋድድ ናቸው፤ እንደ አማርኛው «ላይ»፣ «ከ»፣ «ወደ» ስምን ይይዛሉ እንጂ ከግሱ ጋር ጋብቻ የላቸውም። ተውላጠ ስሟ የምትቀመጥበት ቦታ ከሁለቱ የትኛው እንደሆነ ለሰሚው ትናገራለች።

የተጋቡት ግሶች ሕግ አጭር ነው። ተሳቢው ሙሉ ስም ከሆነ በሁለቱም ቦታ ይቀመጣል። «ፒክ አፕ ዘ ፎን» ትክክል ነው፣ «ፒክ ዘ ፎን አፕ»ም ትክክል ነው። ስሙ ሲረዝም፣ ለምሳሌ «ትናንት ከጎባ የገዛኸውን ስልክ» ዓይነት ሲሆን፣ መጨረሻ ላይ ማስቀመጡ ይሻላል፤ መሃል ላይ ከገባ «አፕ» እስክትመጣ ሰሚው ይደክመዋል። ተሳቢው ተውላጠ ስም ከሆነ ግን ምርጫ የለም። «ሚ»፣ «ዩ»፣ «ሂም»፣ «ሀር»፣ «ኢት»፣ «አስ»፣ «ዜም» ሁሉም መሃል ናቸው። «ተርን ኢት ኦፍ» አጥፋው፣ «ራይት ኢት ዳውን» ጻፈው፣ «ጊቭ ኢት ባክ» መልስለት፣ «ዌክ ሂም አፕ» ቀስቅሰው።

ታዲያ ልጆቻችን ለምን ይሳሳታሉ? ለዓመታት ደብተራቸውን ስናርም ሁለት ምክንያት አይተናል።

አንደኛው ቃሉን ያገኙበት ቦታ ነው። ደብተራቸው ላይ «ፒክ አፕ ማለት ማንሳት፣ ተርን ኦፍ ማለት ማጥፋት» ብለው እንደ አንድ ድንጋይ አድርገው ነው የሚሸመድዱት። ያንን ድንጋይ ሰንጥቆ መሃሉ ላይ ሌላ ቃል መክተት ነውር ይመስላቸዋል። በየቦታው የሚያነቡት ጽሑፍም ይህንኑ ያጸናላቸዋል። የባሌ ስንዴ በሚታጨድበት ወራት ኮምባይነር ላይ የሚሠሩ ልጆች አሉን፤ ማሽን ላይ የሚለጠፍ ማስጠንቀቂያ «ሞተሩን አጥፋ» ሲል ስሙን መጨረሻ ላይ ያደርጋል፣ «ሸት ኦፍ ኤንጂን» ብሎ። በር ላይ «ስልክዎን ያጥፉ» የሚል ማስታወቂያም እንደዚሁ ነው። ማስታወቂያ ተውላጠ ስም አይጠቀምም፤ ስለ ምን እንደሚያወራ ራሱ መናገር አለበትና። ልጁ ስሙን መጨረሻ ላይ ሺህ ጊዜ ካየ በኋላ ስሙን አንስቶ እዚያው ቦታ ላይ «ኢት» ይተካል። ለእሱ ምክንያታዊ ነው።

ሁለተኛው አፋችን የለመደው ቋንቋ ይመስለናል። አማርኛ «አንሳው» ሲል ተሳቢዋን ከቃሉ ጭራ ላይ ይሰፋታል። «አንሳ» ይቀድማል፣ «ው» ይከተላል። «ፒክ አፕ» ማለት «አንሳ» ነው ብሎ የሸመደደ ልጅ «ው»ን ከኋላ ቢለጥፍ ምን ይገርማል? ኦሮምኛ የሚቀናቸው ደግሞ ሌላ መንገድ ይወስዳሉ። ኦሮምኛ ደስ የሚል ነገር አለው፤ እንደ እንግሊዝኛው «አፕ» እና «ዳውን» ዓይነት ቃላት አሉት። «ኦል ካሲ» ማለት ወደ ላይ አንሳ፣ «ገድ ቡሲ» ማለት ወደ ታች አውርድ ነው። ነገር ግን የሚነሳው ነገር ከታወቀ ኦሮምኛ «እሱን» ብሎ መጥራት ግድ አይለውም፤ «ኦል ካሲ» ካልከው በቂ ነው። ስለዚህ እነዚህ ልጆች ብዙ ጊዜ «ፒክ አፕ!» ብለው ያቆማሉ፣ «ኢት»ን ይውጧታል። እንግሊዝኛ ግን «ኢት»ን ይፈልጋታል። ስልክ ሲጮኽ ብቻውን «ፒክ አፕ» ቢባል ያስኬዳል፤ መሬት የወደቀ እስክሪብቶ እያሳዩ «ፒክ አፕ» ማለት ግን ጎደሎ ነው።

እስካሁን የወቀስነውን አማርኛ አሁን ለምስክርነት እንጥራው። አማርኛም ተጋቢ ግስ አለው። «ብድግ አድርግ» በሉ። ሁለት ቃል ነው፤ «ብድግ» የመነሳቱን መልክ ይሰጣል፣ «አድርግ» ግሱ ነው። አሁን «እሱን» ጨምሩበት። «ብድግ አድርገው» ትላላችሁ። «ብድግው አድርግ» የሚል ሰው ግን ጎባም ሮቤም ጎንደርም አይገኝም። «ው» የት እንደምትሄድ ማንም አላስተማራችሁም፤ ከሁለቱ መካከል እውነተኛውን ግስ መርጣ እሱ ላይ ተጣበቀች። «ድምፁን ዝቅ አድርገው» ስትሉም ያው ነው፤ «ዝቅ» ላይ አትለጠፍም።

እንግሊዝኛው የሚያደርገው ይህንኑ ነው! «ፒክ አፕ» ውስጥ ግሱ «ፒክ» ነው፣ «አፕ» ደግሞ የ«ብድግ» አምሳያ ናት። «ኢት» ግሷን ትፈልጋለች፣ ከ«ፒክ» ጋር ትጣበቃለች። አማርኛ ግሱን ከኋላ ስለሚያስቀምጥ «ው» መጨረሻ ላይ ትገኛለች፤ እንግሊዝኛ ግሱን ከፊት ስለሚያስቀምጥ «ኢት» መሃል ላይ ትገኛለች። ቦታዋ የተለያየ ይመስላል እንጂ ወዳጇ አንድ ነው። «ብድግ አድርገው»፣ «ፒክ ኢት አፕ»። «ዝቅ አድርገው»፣ «ተርን ኢት ዳውን»።

ነሕው የቀሩ ልጆቻችን ደግሞ ከሁሉም ቀድመው ይገባቸዋል፤ ይህንን ከገጠመን በኋላ ነው የተረዳነው። ዐረብኛ «ዘይድ ትምህርቱን ጻፈ» ሲል «ከተበ ዘይዱን አድ-ደርሰ» ይላል። ግሱ ይቀድማል፣ ፋዒሉ ይከተላል፣ መፍዑሉ መጨረሻ ነው። አሁን «ትምህርቱን» በዶሚር ተኩት። «ከተበሁ ዘይዱን» ይሆናል። «ሁ» ዘይድን ዘልላ ከግሱ ጋር ተጣበቀች። ሙሉ ስም ሳለ ዘይድን ተከትሎ በሥርዓት የተቀመጠው ተሳቢ ዶሚር ሲሆን ዘይድን ይቀድማል፣ ይህም ምርጫ ሳይሆን ግዴታ ነው። አንድ ከጎባ የሚመጣ ደረሳ ይህንን ሰሌዳው ላይ ስንጽፍ ዝም ብሎ ካየ በኋላ «ታዲያ አፕ ማለት ዘይድ ናት በሉና!» አለ። ክፍሉ ሳቀ። በሰዋስው ዓይን አባባሉ ትክክል አይደለም፣ «አፕ» ባለቤት አይደለችም። ቦታውን ግን ከእኛ ማብራሪያ በተሻለ ያዘው፤ ከዚያ ወዲያ ክፍሉ ውስጥ አንድ ሰው ሲሳሳት «ዘይድን ዝለል» ይሉት ነበር።

እንግሊዝኛ ለምን እንዲህ እንደሚያደርግ በጆሮ መስማት ይቻላል። እንግሊዝኛ የዐረፍተ ነገሩን መጨረሻ ለአዲስና ለከባድ ነገር ያስቀምጠዋል፣ ድምፁም እዚያ ይጠነክራል። «ኢት» ግን ቀላል ናት። የምታመለክተው ነገር ቀድሞ ታውቋል፤ አዲስ ነገር የላትም፣ ድምፅም አትወስድም። ከባዱን ወንበር ብንሰጣት አትሞላውም። ለዚህ ነው «ፒክ ኢት አፕ» ሲባል ድምፁ «አፕ» ላይ የሚወድቀውና «ፒክ ኢት» ተጣብቆ «ፒኪት» የሚመስለው። ማረጋገጫው ደግሞ ተውላጠ ስሟ ራሷ ስትከብድ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሁለት ነገር አለ እንበል፤ አንዱን በጣት እያሳያችሁ «ይህንን አንሳ» ለማለት «ፒክ አፕ ዚስ» ብትሉ ይቻላል፤ «ዚስ» ድምፅ ተሰጥቷታል፣ ምርጫ ይዛለችና። «ኢት» ግን እንዲህ ስትከብድ አትገኝም።

እዚህ ድረስ ስናስተምር ክፍሉ ደስ ይለዋል። በማግስቱ ግን አዲስ በሽታ ይመጣል። «ሉክ ኢት አት»፣ «ሉክ ሂም አፍተር»፣ «ዌይት ሚ ፎር»። ሕጉን የተማረ ልጅ መሃል መክተት ይጥመዋልና ያገኘውን ሁሉ ይሰነጥቃል። እነዚህ ግን አይሰነጠቁም። «ሉክ አት ኢት» ተመልከተው፣ «ሉክ ፎር ኢት» ፈልገው፣ «ሉክ አፍተር ሂም» ተንከባከበው፣ «ዌይት ፎር ሚ» ጠብቀኝ። እዚህ «አት»፣ «ፎር» እና «አፍተር» መስተዋድድ ናቸው፤ መስተዋድድ ደግሞ የያዘውን ስም አስቀድሞ ራሱ ወደ ኋላ አይቀርም።

ታዲያ አንድ አዲስ ግስ ሲገጥመን የትኛው ወገን እንደሆነ እንዴት እናውቃለን? ለተማሪዎቻችን የምንሰጠው ዋና መፈተኛ ስም ነው። ተውላጠ ስሙን ተዉትና ሙሉ ስም አስገቡ፤ ከዚያ ስሙን ወደ መሃል አምጡት። «ፒክ ዘ ፎን አፕ» ሰምታችሁት ታውቃላችሁ፣ ጆሮ ይቀበለዋል። «ሉክ ዘ ፎን አት» ግን ማንም ሲል አልሰማችሁም። ስሙ መሃል መግባት ከቻለ ተውላጠ ስሙ መሃል መግባት አለበት፤ ስሙ ካልቻለ ተውላጠ ስሙም አይችልም። ጥሩ መዝገበ ቃላትም ይህንኑ ያሳያል፤ «ሰምሲንግ» የሚለውን ቃል በግሱና በትንሿ ቃል መካከል ካስገባው ግሱ ይሰነጠቃል ማለት ነው።

ሁለተኛው መፈተኛ ጆሮ ነው። ትንሿ ቃል የግሱ አካል ስትሆን ድምፅ ትወስዳለች፤ «ተርን ኢት ኦፍ» ሲባል «ኦፍ» ጎላ ብላ ትሰማለች። መስተዋድድ ስትሆን ትደበዝዛለች፤ «ሉክ አት ኢት» ሲባል «ሉክ» ብቻ ነው የሚጎላው። ይህ መፈተኛ «አፍተር»ን በመሰሉ ረዘም ያሉ ቃላት ላይ ብዙ አይረዳም፣ ስለዚህ በስሙ መፈተኛ ላይ ተደገፉ። አንዳንዶቹ ትንንሽ ቃላት ደግሞ ፈተናም አያስፈልጋቸውም። «አዌይ» እና «ባክ» መቼም መስተዋድድ አይሆኑም፤ ተሳቢው የግሱ ከሆነ ሁልጊዜ ይሰነጠቃሉ። «አት»፣ «ፎር»፣ «ኢንቱ»፣ «ዊዝ» ተቃራኒው ናቸው፣ አይሰነጠቁም። የሚያስቸግሩት መሃል ያሉት «ኦን»፣ «ኦፍ»፣ «አፕ»፣ «ኦቨር»፣ «ስሩ» ናቸው። እነዚህ ሁለቱንም ኑሮ ይኖራሉ።

ሁለቱን ኑሮ ለማሳየት ተራራችንን እንጠቀምበታለን። ቱሉ ዲምቱ የባሌ ከፍተኛው ጫፍ ነው፣ 4,377 ሜትር። «ወደ ላይ ወጣነው» ለማለት «ዊ ዎክድ አፕ ኢት» እንላለን፤ «አፕ» እዚህ መስተዋድድ ናት፣ ተራራውን ይዛለች፣ ስለዚህ «ኢት» መጨረሻ ላይ መሆኗ ትክክል ነው። መዝገበ ቃላት ላይ ቃሉን ስትፈልጉት ግን «ሉክ ኢት አፕ» ነው። «አፕ» ራሷ ናት፣ ሥራዋ ግን ሌላ ነው። መንገዱም ላይ እንዲሁ። ከጎባ ወደ ሰነቴ የሚወጣው መንገድ ሐረና ጫካን አልፎ ወደ ዶሎ መና ይወርዳል። ሹፌሩን «ተርን ኢት ኦፍ» ካላችሁት ሞተሩን ያጠፋል። «ተርን ኦፍ ኢት» ካላችሁት ግን ከመንገዱ ይወጣል፤ «መንገዱን ትተህ ታጠፍ» ማለት ነውና። ሁለቱም ትክክለኛ እንግሊዝኛ ናቸው። ጭጋግ በወረደበት ሰዓት አደባልቃችሁ ባትሞክሯቸው ይሻላል።

ይህ ሁሉ ወረቀት ላይ ሲወርድ ምን እንደሚመስል ባለፈው ዓመት አየነው። አንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪያችን ለነፃ ትምህርት የሚላክ የማመልከቻ ደብዳቤ ይዞ መጣ። አባቱ ካረፈ በኋላ ያሳደገችው የአባቱ እህት ናት፤ አዳዳ ነው የሚላት። ጎባ ገበያ ቅቤ እየሸጠች አስተምራዋለች። ደብዳቤው ውስጥ ስለ እሷ አምስት ዐረፍተ ነገር ጽፏል። ቀኑ ሊያልፍ ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር፣ ተሰብስበን አንድ በአንድ አየነው።

«አባቴ ሲሞት አክስቴ አስጠጋችኝ» ለማለት «ማይ አንት ቱክ ኢን ሚ» ብሏል። «ሚ» ተውላጠ ስም ናት፣ መሃል ትግባ፤ «ቱክ ሚ ኢን»። በነገራችን ላይ ይህ ግስ ሌላ ትርጉምም አለው፣ «አታለለችኝ»። ሁለቱም ሲሰነጠቁ አንድ ይመስላሉ። «አባቴ ሲሞት» የሚለው ከፊቱ ስላለ ግን ማንም አይሳሳትም፤ እንዲተወው ነገርነው። ቀጥሎ «አሳደገችኝ» የሚለውን «ሺ ብሮት አፕ ሚ» ብሎታል። ያው በሽታ ነው፤ «ብሮት ሚ አፕ» አልነው። ሁለቱንም ሲያስተካክል ቀለል አለው።

ሦስተኛው ላይ «ስታመም ተንከባከበችኝ» ለማለት «ሺ ሉክድ ሚ አፍተር» ብሏል። «እንዴት ነው ይሄኛውን ሰንጥቀህ ሌሎቹን ያልሰነጠቅከው?» አልነው። «ሉክድ አፍተርን የጻፍኩት ከትናንቱ ክፍል በኋላ ነው» አለን። ከሕጉ በፊት የጻፋቸውን ሳይሰነጥቅ፣ ከሕጉ በኋላ የጻፈውን የማይሰነጠቀውን ሰንጥቆ! በስሙ ፈተነው፤ «ሉክ ዘ ቻይልድ አፍተር» ብሎ ጮክ ብሎ አነበበና ራሱ ሳቀ። «ሉክድ አፍተር ሚ» ሆነ።

አራተኛው ነው ያስቆመን። «ሺ ሶው ስሩ ሚ» ይላል። እሱ ማለት የፈለገው እስከ መጨረሻው ደግፋ አሻገረችኝ ነው፤ እሱ «ሶው ሚ ስሩ» ይባላል፣ «ትምህርቴን» ማለት ከተፈለገም «ሺ ሶው ሚ ስሩ ስኩል» ይሆናል። «ሶው ስሩ ሚ» ግን ስህተት እንኳን አይደለም፤ ትክክለኛ እንግሊዝኛ ነው፣ ትርጉሙ «ማስመሰሌን ነቃችብኝ» ነው። በእሱ ላይ «ስሩ» መስተዋድድ ናት፤ ሰውየውን እንደ መስታወት አልፋ ውስጡን ታያለች። እስቲ አስቡት፣ ደብዳቤውን የሚያነበው የማያውቀው ሰው ነው። «አክስቴ አስጠጋችኝ፣ አሳደገችኝ፣ ስታመም ተንከባከበችኝ፣ ውሸቴንም ነቃችብኝ» ብሎ ነው የሚያነበው። «ፒክ አፕ ኢት» ቢሆን አንባቢው የሰዋስው ስህተት ነው ብሎ አቃንቶ ያነበዋል። እዚህ ግን የሚያቃናው ስህተት አያይም፤ የተጻፈው ሌላ ታሪክ ነው። ሆሄ የሚያርም የኮምፒውተር ፕሮግራምም ቢሆን እዚህ ቀይ አያሰምርም፤ ሁሉም ቃል በትክክል ተጽፏልና።

ልጁ ትርጉሙ ሲገባው ፊቱ ተለዋወጠ። «አዳዳ ይህንን ብታነበው ኖሮ» ብቻ ነው ያለው። አዳዳ እንግሊዝኛ አታነብም፤ ግን ያለው ገባን።

አምስተኛው «መቼም ውለታዋን አልመልስላትም» የሚለው ነበር፤ «አይ ካን ኔቨር ፔይ ባክ ሀር»። እዚያ ስንደርስ እርሳሱን ከእጃችን ወስዶ «ባክ መቼም መስተዋድድ አትሆንም» አለና «ፔይ ሀር ባክ» ብሎ ራሱ አስተካከለው። ደብዳቤው በቀኑ ተልኳል፤ መልሱን እስካሁን እየጠበቀ ነው።

አንድ የቀረን ነገር አለ፣ ብዙ ጊዜ በደብዳቤ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ። ሦስት ቃል ያላቸው ግሶች አሉ፤ «ሉክ ፎርዋርድ ቱ» በጉጉት መጠበቅ፣ «ፑት አፕ ዊዝ» መቻል፣ መታገሥ። እነዚህ መጨረሻቸው ላይ ያለው ቃል መስተዋድድ ስለሆነ «ኢት» ከኋላ ትቀመጣለች፤ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ኢት»። እዚህ «ሉክ ኢት ፎርዋርድ ቱ» ብላችሁ እንዳትሰነጥቁ።

አሁን ክረምቱ ሲጀምር በመጀመሪያው ሳምንት ሰሌዳው ላይ ዝርዝር መጻፍ ትተናል። ልጆቹ ግሱን ሲመዘግቡ «ፒክ አፕ» ብለው አይጽፉም፤ «ፒክ ኢት አፕ» ብለው ነው የሚጽፉት፣ «ኢት» ከመጀመሪያው ቤቷ ውስጥ ሆና። «ሉክ አፍተር»ንም «ሉክ አፍተር ኢት» ብለው። አንድ ሰው «ተርን ኢት ዳውን»ን እንዲህ አድርጎ ከሸመደደ ሌላ ሕግ ማስታወስ አያስፈልገውም፤ ስም ሲመጣ «ኢት»ን አውጥቶ ስሙን ያስገባበታል። ከክፍል ስንወጣ ባጃጅ ውስጥ ተጨናንቀው «ድሮፕ ሚ ኦፍ ሂር!» እያሉ ሹፌሩን ያሾፉበታል። ሹፌሩ በኦሮምኛ ይመልስላቸዋል፣ ግን ያሉት ቦታ ላይ ያወርዳቸዋል።